ዌትድ አቨሬጅ፦ ያከፋፈልኩት ወጪ ከመዝገቡ በ14,455.74 በለጠብኝ

ማለዳ | ሰኞ፣ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የፕሮሰስ ኮስቲንግ ጥያቄ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጬ አልወጣልኝ ስላለ ነው የጻፍኩት። መነሻ ላይ ያልተጠናቀቀ ሥራ የሌለበትን ጥያቄ ያለ ችግር እሠራለሁ። ካለፈው ወር የተረፈ ነገር ሲኖር ነው የምጠፋው።

ጥያቄው የቀለም ማደባለቂያ ክፍል ነው። ወሩ ሲጀምር 2,000 ሊትር ያልተጠናቀቀ ቀለም ነበረ፤ ጥሬ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ገብቶለታል፣ የኮንቨርሽን ሥራው፣ ማለትም ጉልበቱና ሌላው የፋብሪካ ሥራ፣ ግን 40 በመቶ ላይ ነው። ይዞት የመጣው ወጪ ጥሬ ዕቃ 9,400 ብር፣ ኮንቨርሽን 3,160 ብር ነው። በወሩ ውስጥ 18,000 ሊትር አዲስ ተጀመረ፣ 17,000 ሊትር ተጠናቆ ወደ ማሸጊያ ክፍል አለፈ። ወሩ ሲያልቅ 3,000 ሊትር ቀርቷል፤ ጥሬ ዕቃው ሙሉ ነው፣ ኮንቨርሽኑ 50 በመቶ። የወሩ ወጪ ጥሬ ዕቃ 90,600፣ ኮንቨርሽን 70,840 ነው።

እኔ ያሰብኩት እንዲህ ነው። ባለፈው ወር የተሠራ ሥራ በዚህ ወር ዳግም መቆጠር የለበትም። ስለዚህ ከጥሬ ዕቃው 2,000፣ ከኮንቨርሽኑ ደግሞ የ2,000ን 40 በመቶ፣ ማለትም 800 ቀነስኩ። ለጥሬ ዕቃ 18,000፣ ለኮንቨርሽን 17,700 ኢኩቫለንት ዩኒት፣ ማለትም ወደ ሙሉ ሊትር የተመነዘረ ሥራ፣ ቀረልኝ። ወጪውን ግን የሁለቱንም ወር ደምሬ 100,000 እና 74,000 አልኩ። ሳካፍለው በሊትር 5.5556 እና 4.1808 መጣ። ይህንን ለተላለፈው 17,000 ሊትርና ለቀረው ሳከፋፍል ድምሩ 188,455.74 ሆነ። መዝገቡ ላይ ያለው ወጪ ደግሞ 174,000 ብቻ ነው። 14,455.74 ብር ከየት መጣ?

ቀጥታ_መስመር | ሰኞ፣ ማታ 3:05

ወንድሜ፣ ነገሩን ራስህ ነው ያወሳሰብከው። በዌትድ አቨሬጅ መነሻውን እርሳው። 40 በመቶው የተቀመጠው ሊያሳስትህ ነው። የተጠናቀቀውን ውሰድ፣ የቀረውን በፐርሰንቱ አባዝተህ ጨምርበት፣ አለቀ። ለጥሬ ዕቃ 20,000፣ ለኮንቨርሽን 18,500 ይመጣልሃል። ከዚያ የወሩን ወጪ አካፍል። 90,600 ለ20,000 ሲካፈል 4.53፣ 70,840 ለ18,500 ሲካፈል ወደ 3.83 ይሆናል።

ማለዳ | ሰኞ፣ ማታ 3:30

አመሰግናለሁ፣ እህት ነኝ። እንዳልከው ሠራሁት። አሁን ደግሞ በተቃራኒው ጎደለ፤ ያከፋፈልኩት ድምር 161,440 ነው፣ ከ174,000 በ12,560 ያንሳል። ከመብለጥ ወደ መጉደል ነው የሄድኩት።

ባለደብተር | ሰኞ፣ ማታ 4:15

ማለዳ፣ ሁለቱንም ወረቀት አትቅደጂ። ልዩነቶቹ ራሳቸው የተሳሳትሽበትን ቦታ እየነገሩሽ ነው።

ከጎደለው ልነሳ። 12,560 ማለት 9,400 ሲደመር 3,160 ነው። መነሻው ይዞት የመጣው ወጪ አንዲት ሳንቲም ሳትቀር ከሒሳቡ ውጭ ቀርቷል። ገንዘቡ የወጣው ባለፈው ወር ቢሆንም እስካሁን የተቀመጠው በዚሁ ክፍል መዝገብ ላይ ነው፤ ቀለሙ ወደ ማሸጊያ ሲሻገር አብሮት መሻገር አለበት። ቀጥታ_መስመር ዩኒቶቹን በትክክል ነው የነገረሽ፤ 20,000 እና 18,500 ልክ ናቸው። የሳተው ወጪው ላይ ነው።

ወደ በለጠው እንሂድ። ከጥሬ ዕቃ 2,000፣ ከኮንቨርሽን 800 ቀንሰሻል። እስቲ 2,000ን በራስሽ 5.5556 አባዢው፤ 11,111.11 ይመጣል። 800ን በ4.1808 አባዢው፤ 3,344.63። ደምሪያቸው፤ 14,455.74። የበለጠብሽ ቁጥር ይኸው ነው። ስታካፍዪ እነዚያን ዩኒቶች አስወጣሻቸው፣ ወጪውን ስታከፋፍዪ ግን 17,000ው ውስጥ ስላሉ ተመልሰው ገቡ። ላልተቆጠረ ዩኒት ወጪ ሰጠሽ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ያዢ፤ ስታካፍዪ ከላይ የማን ወጪ ካለ፣ ከታችም የእነዚያው ዩኒት መኖር አለበት። አንቺ ከላይ የሁለት ወር ወጪ አድርገሽ ከታች የአንድ ወር ሥራ አስቀመጥሽ። ቀጥታ_መስመር ከላይ የአንድ ወር ወጪ አድርጎ ከታች የሁለት ወር ሥራ አስቀመጠ። ስህተታችሁ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ተገለበጠ እንጂ። በዌትድ አቨሬጅ ከላይም ከታችም የሁለቱ ወር ነው። የ2,000 ሊትሩ የቆየ ሥራ በዚህ ወር እንደተሠራ ተደርጎ ሙሉ ይቆጠራል፣ ወጪውም ሙሉ ይገባል።

ማለዳ | ሰኞ፣ ማታ 4:50

ጋሽ ባለደብተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን እንደገና ሠራሁት።

ጥሬ ዕቃ 100,000 ለ20,000፣ 5.00 ብር። ኮንቨርሽን 74,000 ለ18,500፣ 4.00 ብር። አንድ ሊትር 9.00 ብር። የተላለፈው 17,000 በ9.00፣ 153,000። የቀረው 3,000 ሊትር ጥሬ ዕቃው 15,000፣ ኮንቨርሽኑ 1,500 በ4.00፣ 6,000፣ በጠቅላላው 21,000። ሁለቱ ሲደመሩ 174,000። ገጠመ!

ግን አንድ ነገር አልለቀቀኝም። እኔ ያወጣኋቸው 18,000 እና 17,700 እንዲሁ ከንቱ ቁጥሮች ነበሩ? የዚህን ወር ሥራ ብቻ መለካት ትክክል አይመስልም?

ባለደብተር | ሰኞ፣ ማታ 5:10

ከንቱ አይደሉም፤ የፊፎ ቁጥሮች ናቸው። ፊፎ የሚጠይቀው ልክ አንቺ የጠየቅሽውን ነው፤ በዚህ ወር ገንዘብ በዚህ ወር ስንት ሥራ ተሠራ? ያን ጊዜ ከላይም የወሩ ወጪ ብቻ ይሆናል። 90,600 ለ18,000፣ 5.0333፤ 70,840 ለ17,700፣ 4.0023። በዚያ መንገድ ብትሄጂ የወሩ መጨረሻ ቀሪ 21,103.39 ይሆናል፣ በዌትድ አቨሬጅ 21,000 ነበር። እዚህ ልዩነቱ 103.39 ብቻ የሆነው የሁለቱ ወር ዋጋ ስለተቀራረበ ነው። ጥሬ ዕቃው በአንድ ወር ውስጥ በጣም ቢወደድ ልዩነቱ ይሰፋል። ዌትድ አቨሬጅ የዚያን ጊዜ የቆየውን ርካሽ ወጪ ከአዲሱ ጋር አዋሕዶ ጭማሪውን ያለዝበዋል። የክፍሉን ኃላፊ በዚህ ወር ሥራው ብቻ መመዘን የፈለገ ሰው ይህንን ሊያውቅ ይገባል።

ፍሬ_ነገር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

እኔ ያልገባኝ ለምን ይህን ያህል እንደተደከመ ነው። አቨሬጅ ከተባለ የሁለቱን ወር ዋጋ አውጥቶ አማካዩን መውሰድ አይበቃም? ያለፈው ወር ጥሬ ዕቃ 9,400 ለ2,000 ሲካፈል 4.70 ነው። የዚህ ወር 5.0333። ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ 4.8667። ማለዳ 5.00 ያለችው እንግዲህ ተሳስታ ይሆን?

ባለደብተር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:00

ፍሬ_ነገር፣ 4.8667ን በ20,000 አባዛው፤ 97,333 አካባቢ ይመጣል። የወጣው ግን 100,000 ነው። የጎደለውን 2,667 ብር ለማን ታሸክመዋለህ?

4.70 የ2,000 ሊትር ዋጋ ነው፣ 5.0333 ደግሞ የ18,000 ሊትር። ለሁለት ስታካፍል ለ2,000ው እና ለ18,000ው እኩል ድምፅ ሰጠሃቸው። ዌትድ መባሉ ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ዋጋ ከኋላው የተሰለፈውን ዩኒት ያህል ይጎትታል። 2,000 በ4.70 ብለህ፣ 18,000 በ5.0333 ጨምረህ ለ20,000 ብታካፍል 5.00 ታገኛለህ። ኮንቨርሽኑም እንዲሁ ነው፤ 800 ዩኒት በ3.95፣ 17,700 ዩኒት በ4.0023፣ ሲዋሐዱ 4.00።

ያነሳኸው ሐሳብ ግን ለማለዳ የሚጠቅም ነገር ስላለው ደስ ብሎኛል። የሁለቱን ወር ዋጋ ጎን ለጎን ስታስቀምጥ አማካዩ የግድ በመካከላቸው ማረፍ አለበት። 5.00 በ4.70 እና በ5.0333 መካከል ነው። የማለዳ የመጀመሪያ መልስ 5.5556 ከሁለቱም በላይ ነበር፣ የቀጥታ_መስመር 4.53 ከሁለቱም በታች። ድምሩን ሳትጨርሱ ገና እዚያው መያዝ ይቻል ነበር።

ቀጥታ_መስመር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:25

ስህተቴን ተቀብያለሁ፣ ማለዳ ይቅርታ። ከፈተና በፊት በቃሌ የያዝኩት መነሻውን እርሳው የሚል ነበር፤ ፐርሰንቱን እንጂ ወጪውን እንዳልሆነ አሁን ነው የለየሁት። ግን እኮ 40 በመቶው አያስፈልግም ያልኩት ልክ ነው አይደል? 5.00ም 4.00ም ያለ እሱ ነው የወጡት።

ባለደብተር | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:40

መልሱን ለማውጣት አያስፈልግም፣ ልክ ነህ። መልሱን ለመፈተሽ ግን ያስፈልጋል። 3.95ን ያገኘሁት 3,160ን ለ800 አካፍዬ ነው፣ 800ው ደግሞ የመጣው ከ40 በመቶው ነው።

የማሸጊያ_ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ሥራዬ ነው። የምሠራው በሁለተኛው ክፍል፣ በማሸጊያው በኩል ነው። ጉዳዬ ከማለዳ ይለያል፤ የእኔ ድምር ሁልጊዜ ይገጥማል፣ ሆኖም የሊትሩ ዋጋ ተጋነነ ተብዬ ሦስት ወር ተወቀስኩ። በማለዳ ቁጥሮች ላስረዳ።

የማሸጊያ ክፍሉ ወሩን በ1,000 ሊትር ጀመረ እንበል፤ ከማደባለቂያው ይዞት የመጣው ወጪ 9,180 ነው። በወሩ 17,000 ሊትር በ153,000 ብር ተረከበ። 16,000 ሊትር አጠናቆ አስወጣ፣ 2,000 ቀረው። የቀረው ላይ የማሸግ ሥራው 50 በመቶ ተሠርቷል። እኔ የቀረውን ሁሉ በ50 በመቶ ነው የምቆጥረው። 16,000 እና 1,000፣ 17,000። ከማደባለቂያው የመጣው ወጪ 162,180 ለ17,000 ሲካፈል 9.54። የወጣው 152,640፣ የቀረው 9,540፣ ድምሩ 162,180። ገጠመ። ታዲያ ስህተቱ ምኑ ላይ ነው?

ማለዳ | ማክሰኞ፣ ማታ 2:15

ልሞክር? መነሻው በሊትር 9.18 ነው። የተረከቡት 9.00። የእርስዎ አማካይ 9.54፣ ከሁለቱም በላይ ነው! ድምሩ ቢገጥምም በመካከል አላረፈም። ግን ምክንያቱን ማግኘት አቃተኝ።

ባለደብተር | ማክሰኞ፣ ማታ 2:50

ማለዳ፣ ደርሰሽበታል። ምክንያቱን እኔ ልጨምር።

ድምር መግጠሙ የሚነግራችሁ ያካፈላችሁበት ዩኒት እና ያከፋፈላችሁበት ዩኒት አንድ መሆኑን ብቻ ነው። የማሸጊያ_ሰው በ17,000 አካፍሎ በ17,000 አከፋፈለ፤ ገጠመለት። ሁለቱም ቦታ የተሳሳተ ዩኒት ብታስገቡ ያው ይገጥማል። 10,000 ብሎ ቢያስገባም ይገጥም ነበር።

ከማደባለቂያው የመጣው ቀለም ለማሸጊያው እንደ ጥሬ ዕቃ ነው፤ በሩን ባለፈበት ቅጽበት 100 በመቶ ገብቷል። ግማሽ ሊትር ቀለም አልተረከብክም። 50 በመቶ የሆነው የማሸግ ሥራው ነው እንጂ ቀለሙ አይደለም። ስለዚህ ለመጣው ወጪ 16,000 ሲደመር ሙሉ 2,000፣ 18,000 ነው። 162,180 ለ18,000፣ 9.01። በ9.00 እና በ9.18 መካከል ሆነ፣ ብዙው የአዲሱ ስለሆነም ወደ 9.00 ተጠጋ። የቀረው ቀለም 9,540 ሳይሆን 18,020 ብር ይዞ መቀመጥ ነበረበት። አንተ የቀረውን አቅልለህ ሸክሙን በወጣው ላይ ጫንከው፤ ዋጋው ተጋነነ የተባለው እውነት ነው።

ጣሳውና ክዳኑስ መቼ ነው የሚገቡት?

የማሸጊያ_ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 3:10

መጨረሻ ላይ፣ ቀለሙ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው። ለእሱም 50 በመቶ ነበር የማደርገው።

ባለደብተር | ማክሰኞ፣ ማታ 3:20

እንግዲያው የቀረው 2,000 ሊትር አንድ ጣሳ አልነካም። ለጣሳው ኢኩቫለንት ዩኒቱ 16,000 ብቻ ነው፣ ከቀረው የሚጨመር የለም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት የተለያየ ቆጠራ አለህ ማለት ነው፤ ለመጣው ቀለም 18,000፣ ለጣሳ 16,000፣ ለማሸግ ሥራው 17,000። አንድ ፐርሰንት ለሁሉም መለጠፍ ነው የጎዳህ። ለእያንዳንዱ ወጪ ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ነገር በሥራው ሂደት ውስጥ የሚገባው የት ቦታ ላይ ነው፣ የቀረው ሥራ እዚያ ቦታ ደርሷል ወይስ አልደረሰም?

የማሸጊያ_ሰው | ማክሰኞ፣ ማታ 3:45

ሦስት ወር ሙሉ ድምሩ ገጥሟል እያልኩ ነበር የምከራከረው። ነገ ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዬ ያለፉትን ወራት ከፍቶ ማረም ነው። ከልብ አመሰግናለሁ።

ቀጥታ_መስመር | ረቡዕ፣ ጠዋት 2:10

ለማሸጊያ_ሰው እንዲመች በኤክሴል አዘጋጀሁት። B2 የመነሻ ወጪ፣ B3 የወሩ ወጪ፣ B4 የተጠናቀቀ ዩኒት፣ B5 የቀረ ዩኒት፣ B6 የቀረው ዩኒት የተሠራበት ፐርሰንት። የዩኒቱ ዋጋ B9 ላይ፦

```
=(B2+B3)/(B4+B5*B6)
```

B7 ላይ ያለፈውን ወር ዋጋ፣ B8 ላይ የዚህን ወር ዋጋ ለብቻ አውጥታችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ መፈተሻው ይህ ነው፦

```
=AND(B9>=MIN(B7,B8),B9<=MAX(B7,B8))
```

FALSE ካለ ወደ ዩኒቶቹ ተመለሱ። ለጥሬ ዕቃ፣ ለኮንቨርሽን፣ ከሌላ ክፍል ለመጣው ወጪ ለየብቻ ዓምድ ያዙ፤ በአንድ ዓምድ አትደባልቁ። አንድ ማሳሰቢያ፤ እንደ ጣሳው መጨረሻ ላይ በሚገባ ዕቃ መነሻው ዜሮ ዩኒት ስላለው B7 ላይ #DIV/0! ይወጣል። እዚያ የሚፈተሽ ነገር የለም፤ የሚደባለቅ ያለፈ ወጪ ስለሌለ አማካዩ ራሱ የወሩ ዋጋ ነው።

ፍሬ_ነገር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ቀጥታ_መስመር፣ B8 ላይ የዚህን ወር ዋጋ ስታወጣ በስንት ነው የምታካፍለው? እኔ በ18,500 አካፍዬ 3.83 አገኘሁና 4.00 ከሁለቱም በላይ ነው፣ FALSE አለኝ።

ቀጥታ_መስመር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:12

በ17,700 ነው። የወሩን ወጪ ለወሩ ሥራ ብቻ፤ ማለዳ መጀመሪያ ያወጣችው ቁጥር። እኔም እኮ ሰኞ የሳትኩት እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ጥግ_ያዥ | ረቡዕ፣ ማታ 1:30

ሁላችሁም ማካፈሉን ጥሩ አድርጋችሁ ለያችሁት። እኔን የሚያሳስበኝ ግን 50 በመቶ የምትሉት ቁጥር ነው። ማን ነው 50 ያለው? በማለዳ ጥያቄ ላይ የቀረው 3,000 ሊትር 50 ሳይሆን 40 በመቶ ቢሆንስ? ኢኩቫለንት ዩኒቱ 18,200 ይሆናል፣ ዋጋው 4.0659። የቀረው ኮንቨርሽን ከ6,000 ወደ 4,879.12 ይወርዳል፤ 1,120.88 ብር ወደ ተላለፈው ይሻገራል። ድምሩ ይገጥማል። የመካከል ፈተናውንም ያልፋል፤ የወሩ ዋጋ በዚህ ግምት 4.0713 ይሆናል፣ ያለፈው 3.95 ነው፣ 4.0659 በመካከላቸው አረፈ። ሁለቱም ፈተና ምንም አይልም።

ኦዲት ላይ በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁት ይህንን ነው። ፐርሰንቱን የሚሰጠው የክፍሉ ኃላፊ ነው፣ ክፍሉ የሚመዘነው ደግሞ በዩኒት ዋጋው ነው። በአንዱ ቦታ የወሩ መጨረሻ ፐርሰንት ሁልጊዜ 80 እና 90 ነበር፤ የሚቀጥለው ወር መነሻ ብለው ሥራውን ሲቀጥሉ ግን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ፐርሰንቱ ከፍ ሲል ዩኒቱ ይበዛል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ለተላለፈው የሚደርሰው ያንሳል። ሥራው ባይሠራም ትርፉ ያምራል።

ባለደብተር | ረቡዕ፣ ማታ 2:05

ጥግ_ያዥ፣ ልክ ነህ፤ ይህ ወረቀት ላይ አይያዝም። እኔ በሠራሁበት ቦታ የተስማማነው በሥራው ደረጃ መለካት ነበር። ማደባለቁ አራት ደረጃ አለው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ስንት የማሽን ሰዓት እንደሚወስድ ይታወቃል። ታንኩ የቆመበትን ደረጃ አይቶ ፐርሰንቱን መጻፍ ነው፤ ኃላፊውን አይጠየቅም። ሌላም አለ፤ የወሩ መጨረሻ የተባለው ፐርሰንት የሚቀጥለው ወር መነሻ ፐርሰንት ሆኖ መግባት አለበት። ዌትድ አቨሬጅ የመነሻውን ፐርሰንት ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው አይጽፈውም፣ ስለዚህም ማንም አያወዳድረውም።

ጥግ_ያዥ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

ታንክ ላለው ቦታ ይሠራል። በመስመር ላይ የሚፈስ ምርት ሲሆን ግን፣ አንዱ ዕቃ ገና ሲገባ ሌላው ሊወጣ ሲል፣ የትኛውን ደረጃ ትጽፋለህ? እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ በየወሩ ሳይለካ 50 በመቶ ብለው ይዘጋሉ፤ መስመሩ እኩል ከተሞላ በአማካይ ግማሽ ላይ ነው በሚል። ይህንን እቀበለዋለሁ፣ ቢያንስ ማንም እንደፈለገ አያንቀሳቅሰውም።

ባለደብተር | ረቡዕ፣ ማታ 2:50

እዚህ ላይ አልስማማም። መስመሩ እኩል የሚሞላው ሥራው ሳይቋረጥ ወሩ ካለቀ ነው። ወሩ መጨረሻ ላይ ማሽን ተበላሽቶ ዕቃው ከብልሽቱ በፊት ካለው ጣቢያ ቢከማች፣ 50 በመቶው ከእውነት ይርቃል። የማይንቀሳቀስ ቁጥር ሁሉ ልክ አይደለም።

ጥግ_ያዥ | ረቡዕ፣ ማታ 3:05

የሚንቀሳቀሰውስ ቁጥር በማን እጅ ነው የሚንቀሳቀሰው? የምፈራው እሱን ነው።

ማለዳ | ረቡዕ፣ ማታ 4:20

የእናንተን ክርክር እየተከታተልኩ ነው፣ ፍርድ መስጠት አልችልም። እኔ ዛሬ አንድ አዲስ ጥያቄ ሠራሁ፣ ከማደባለቂያው ከገባው 500 ሊትር ፈስሶ የጠፋበት ነው። ገባ ከተባለው ሊትር ላይ የተጠናቀቀውና የቀረው ተደምረው 500 ይጎድላሉ። ዩኒቶቹን ከታች ላስገባቸው ወይስ እንዳልነበሩ ልቁጠራቸው? ሁለቱንም ሞክሬ ሁለቱም ገጠመልኝ። ከትናንት ወዲህ ደግሞ መግጠሙን ብቻ አላምንም።

ባለደብተር | ረቡዕ፣ ማታ 4:35

ከታች ካላስገባሻቸው የጠፋው 500 ሊትር ወጪ በተጠናቀቀውም በቀረውም ላይ ይበተናል። ካስገባሻቸው ወጪው ለብቻው ይታያል፣ ከዚያ የት እንደሚያርፍ አንቺ ትወስኛለሽ። የትኛው ይሁን ለማለት ግን ሁለት ነገር ልወቅ፤ መፍሰሱ ሁልጊዜ የሚጠበቅ ነው ወይስ ድንገት የደረሰ? የታወቀውስ ሥራው ስንት ላይ ሲደርስ ነው፣ የቀረው ሥራ ያን ቦታ አልፎታል? ሙሉ ጥያቄውን ነገ አዲስ ክር ላይ ለጥፊው፣ እዚያ እንሠራዋለን።